የትምህርት ቤታችን ዝግጅት ምዝገባ ሳይጀመር ተዘጋ፤ ሰዓቱና ካርታውም ተሳስቷል

የቤቲ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቼ ትምህርት ቤት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው። ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. የወላጆች ቀንና የሳይንስ አውደ ርዕይ አለን። እኔ የወላጅ ኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ማስታወቂያው በኔ በኩል ነው የሚወጣው። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ቆንጆ አድርጎ ሠራልን። የፕሮግራም ሰንጠረዥ አለው፣ ካርታ አለው፣ ከታች ደግሞ “ተመዝገቡ” የሚል በተን አለው።

ትናንት ማታ ሊንኩን በየክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅነው። ከዚያ በኋላ ስልኬ አላረፈም።

በተኑን ሲነኩት “ምዝገባው ተጠናቋል” ይላል። እስካሁን አንድም ሰው አልተመዘገበም! የምዝገባው መጨረሻ ረቡዕ ግንቦት 5 ነው፤ ገና ሁለት ሳምንት አለው። ቀኑን “ወደ ካላንደር ጨምር” ብለው የያዙ ወላጆች ደግሞ ስልካቸው ሌሊት ላይ ነው የመዘገበላቸው። ካርታው ሲከፈት ሰማያዊ ባሕር ብቻ ያሳያል።

ሰንጠረዡ ይኸው ነው፦

ጠዋት 2:30 መግቢያ
ጠዋት 3:00 መክፈቻ
ጠዋት 3:30 የተማሪዎች ሥራ ጉብኝት
ጠዋት 5:30 ወላጆች ከመምህራን ጋር
ቀን 7:00 መዝጊያ

ምን እናድርግ? ልጁን ማሳዘን አልፈልግም፤ ብዙ ደክሞበታል።

ጋሽ መኮንን ከጉለሌ

ልጄ፣ የሰዓቱን ነገር ተዪው። 2:30 ብትጽፉ ሰው 3:30 ነው የሚመጣው። እኔ መምህር በነበርኩ ጊዜ የወላጅ ስብሰባ 2:00 ብለን እንጠራና 3:00 እንጀምር ነበር። በመግቢያና በመክፈቻ መካከል ሰፋ ያለ ጊዜ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት አይበቃም።

የቤቲ እናት

ጋሼ፣ እርሱም እውነት ነው፤ ለኮሚቴው አነሳዋለሁ። የኔ ችግር ግን ሌላ ነው። ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ሳይሆን ስልኩ ሰዓቱን ራሱ አሳስቶ መያዙ ነው። ሌሊት 8:30 ላይ ተቀስቅሰው “ዛሬ ነው እንዴ?” ሊሉኝ ነው።

ዳዊት ልደታ

የበተኑ ነገር ግልጽ ነው። ልጁ የጻፈው በኛ ዓመተ ምህረት ነው። ለኮምፒውተር 2018 ማለት ድሮ ያለፈ ነው። ዓመቱን 2026 አድርጉት፣ ያበቃል።

ናሆም

ዳዊት መነሻውን አግኝቷል። ግን ዓመቱ ብቻ ከተቀየረ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የቤቲ እናት፣ ልጁ የምዝገባውን መጨረሻ የጻፈበትን መስመር ልታመጪልን ትችያለሽ?

የቤቲ እናት

ላከልኝ፦

```
const deadline = new Date("2018-09-05");
if (new Date() > deadline) closeForm();
```

ናሆም

እንደጠረጠርኩት ነው። ልጁ ግንቦት 9ኛ ወር ስለሆነ 09 ብሎ፣ ቀኑን 05 አለ። በኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ብራውዘሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል። ያ ቀን ካለፈ ስንት ዓመቱ! ስለዚህ ሊንኩ ገና ሲከፈት “ጊዜው አልፏል” ብሎ በሩን ይዘጋል።

አሁን ዳዊት እንዳለው ዓመቱን ብቻ 2026 ብታደርጉት ቀኑ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2026 ይሆናል። ያ በኛ ነሐሴ 30 ቀን 2018 ነው። በተኑ ይከፈታል፤ እናንተም ተስተካከለ ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ችግሩ፣ ግንቦት 5 ሲደርስ አይዘጋም። ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ሰው ሲመዘገብ ይከርማል። ከመጀመሪያው የባሰው ይኼኛው ነው፤ የተዘጋ በር ወዲያው ስልክ ያስደውላል፣ ሳይዘጋ የቀረውን ግን ማንም አያይም።

ወሩና ቀኑም አብረው መለወጥ አለባቸው። ግንቦት 1 ቀን 2018 ሜይ 9 ቀን 2026 ላይ ነው የሚውለው፤ ሁለቱም ቅዳሜ ነው። ከዚያ ቁጠሪ። ግንቦት 5 ረቡዕ ሜይ 13 ይሆናል፣ ግንቦት 8 ቅዳሜ ሜይ 16። የሳምንቱ ቀን ካልገጠመልሽ አንዱ ቦታ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ የማረጋግጠው በእርሱ ነው።

እንዲህ ይጻፈው፦

```
const deadline = new Date("2026-05-13T18:00+03:00");
```

18:00 ያልኩት ምዝገባው ረቡዕ ምሽት 12:00 ይዘጋል ብዬ ነው። ሌላ ሰዓት ከፈለጋችሁ ቀይሩት። ግን ሰዓቱን ባዶ አትተዉት። `2026-05-13` ብቻ ከተጻፈ ብራውዘሩ የሚወስደው የዓለም አቀፉን ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ምዝገባው ረቡዕ ገና ሳይነጋ፣ ሌሊት 9:00 ላይ ይዘጋል። ወላጁ “እስከ ረቡዕ” የሚለውን አንብቦ ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ ሊመዘገብ ቢገባ ዝግ ሆኖ ያገኘዋል። መጨረሻ ላይ ያለችው `+03:00` የተጻፈችው ለዚህ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው ትላለች።

ዮናታን 11ኛ ሀ

ሰላም ጋሽ ናሆም። የሠራሁት እኔ ነኝ። በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ክረምት ላይ ለአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ይህንኑ ልጠቀምበት አስቤ ነበር። መጨረሻው ጳጉሜ 3 ነው። እሱ ላይ ምን ይፈጠራል?

ናሆም

ዮኒ፣ ጥሩ ጠየቅክ። በኛ አቆጣጠር `2018-13-03` ብለህ ብትጽፍ 13ኛ ወር የሚባል ስለማያውቅ ቀኑን ጭራሽ አይቀበለውም። የሚያስቸግረው ግን ቀይ ስህተት አያሳይህም። ያልታወቀ ቀን ከዛሬ ጋር ሲነጻጸር መልሱ ሁልጊዜ “አይደለም” ነው። ስለዚህ `closeForm()` መቼም አይጠራም። በተኑ ለዘላለም ክፍት ይሆናል። ጳጉሜ 3 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 8 ቀን 2026 ነው። እሱን ጻፍ።

አጠቃላይ ዘዴው ይኼ ነው። በሆዱ የሚያዘው ቀን የፈረንጅ ይሁን፤ ሰው የሚያነበው የኛ ይሁን። ለማንበቢያው ራስህ መተርጎም አይጠበቅብህም፤ ብራውዘሩ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፦

```
new Intl.DateTimeFormat("am-ET-u-ca-ethiopic",
  { dateStyle: "full", timeZone: "Africa/Addis_Ababa" }
).format(deadline)
```

`ca-ethiopic` የምትለዋን እንዳትረሳ። አማርኛ ስለመረጥክ ብቻ አቆጣጠሩ የኛ አይሆንም፤ ወሩን በአማርኛ ፊደል “ሜይ” ብሎ ይጽፍልሃል። ደግሞ ይህ የሚለውጠው ቀኑን ብቻ ነው። ሰዓቱን ወደኛ አቆጣጠር አያመጣልህም፤ እሱን 6 ቀንሰህ ራስህ ነው የምታደርገው።

መምህርት ሰላም

እኔ የሌላ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። እኛም ጋ ባለፈው ዓመት በፎርም ነበር ያስመዘገብነው። የኛ ችግር ስልክ ቁጥር ላይ ነበር። የስልኩ ሳጥን “ቁጥር” ተብሎ ስለተሠራ 09 እና 07 ብለው የጀመሩት ሁሉ ኤክሴል ላይ ፊታቸው ያለችው ዜሮ ጠፋች። አጭር መልእክት በጅምላ ልንልክ ስንል አንዱም አልሄደም። ሳጥኑን “ጽሑፍ” አድርጉት። ስሙንም አንድ ሳጥን አድርጋችሁ “ሙሉ ስም እስከ አያት” በሉ። “የቤተሰብ ስም” የሚል ሳጥን ካለ ግማሹ የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን፣ አንዳንዱ የሚስቱን ስም ይጽፍበታል።

የቤቲ እናት

መምህርት፣ ስለ ዜሮዋ እግዜር ይስጥልኝ። የኛም ቁጥር ተብሎ ነው የተሠራው፤ አሁኑኑ አስቀይረዋለሁ።

ናሆምዬ፣ በተኑ ተከፈተ! እስካሁን ሁለት ወላጆች ገብተዋል። የሌሊቱን ነገርስ?

ዳዊት ልደታ

ለእሱ ቀላል መላ አለኝ። የታይም ዞኑን ከ+3 ወደ -3 ቀይሩት። በመካከላቸው ልክ 6 ሰዓት ነው ያለው። ያኔ 2:30 ብላችሁ ስትጽፉ ስልኩ የኛን 2:30 ይይዘዋል። የአባቴን ስልክ እንደዚያ አድርጌለት በኛ ሰዓት ነው የሚሄደው።

ናሆም

ዳዊት፣ ይኼ ሰው እንደሚያስበው ሞኝ ዘዴ አይደለም። ለዚህ ሰንጠረዥ ይሠራል። የጠዋቱ 2:30 በ-3 ዞን ቢጻፍ ጊዜው ራሱ ትክክል ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ስልክ 8:30 ብሎ ያሳየዋል። የቀኑ 7:00ም ትክክል ይወጣል።

የሚሰበረው ማታ ላይ ነው። ከምሽቱ 1:00 የሚጀመር የተማሪዎች ድራማ ቢኖራችሁና 1:00 ብላችሁ ብትጽፉ የጠዋቱን 1:00 ይይዛል። 13:00 ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ይህን ደግሞ ከሚቀጥለው ኮሚቴ የሚያስታውስ የለም። በአባትህ ስልክ ላይም አስተውል፤ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጠዋት 12:00 ላይ ነው።

ስለዚህ ዞኑን በእውነተኛ ስሙ ተዉትና ሰዓቱን ቀይሩ። ለጠዋትና ለቀን 6 ደምሩ። 2:30 8:30 ይሆናል፣ የቀኑ 7:00 13:00 ይሆናል። ለማታ 18 ነው የሚደመረው፤ ምሽት 1:00 19:00 ነው። ዮኒ፣ የካላንደሩ ሊንክ ውስጥ ይህ ቁራጭ እንዲህ ይሁን፦

```
dates=20260516T083000/20260516T130000&ctz=Africa/Addis_Ababa
```

አሁን `T023000` ነው ያልከው መሰለኝ። ስልኩ ያንን እንደ ራሱ ሰዓት 2:30 አነበበው፤ ያም የኛ ሌሊት 8:30 ነው። ካስተካከልክ በኋላ በራስህ ስልክ ነክተህ እየው። ቅዳሜ 8:30 ጠዋት ካለ ልክ ነው።

አስቀድመው የያዙት ወላጆች ግን በነበረበት ነው የሚቀርላቸው። ሊንኩን ማስተካከል የእነሱን ስልክ አይነካም። የቤቲ እናት፣ ግሩፑ ላይ “አጥፍታችሁ እንደገና ጨምሩ” ብለሽ መጻፍ ይኖርብሻል።

ዮናታን 11ኛ ሀ

አዎ T023000 ነበር። አሁን ቀየርኩት፤ 8:30 ጠዋት ይላል። ካርታው ላይ ደግሞ ያስገባሁት 38.76, 9.03 ነው። ቁጥሩን ከትክክለኛ ቦታ ነው የወሰድኩት፤ ለምን ባሕር እንደሚያመጣ አልገባኝም።

ናሆም

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ተራው ነው የተገለበጠው። አንተ የተጠቀምክበት ካርታ መጀመሪያ የሚፈልገው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ነው። አዲስ አበባ 9 ላይ ናት። 38 ቀድሞ ከተጻፈ ሜዲትራንያን ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት ደቡብ ትወድቃለህ። አንዳንድ የካርታ ፋይል ደግሞ 38ቱን አስቀድሞ ነው የሚጽፈው፤ ከዚያ ስትቀዳ ነው የሚገለበጠው።

ሌላው፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ አይበቃም። ሁለተኛው አሃዝ አንድ ሲለወጥ ቦታው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አራት ኪሎ ለሚሄድ ሰው ይህ ማለት ፒያሳ መድረስ ነው። አራት አሃዝ ካደረግከው ልዩነቱ ወደ 11 ሜትር ይወርዳል። በር ለማሳየት ይበቃል።

ሳሚ ሹፌር

ስለ በር ካነሳችሁ እኔም ልናገር። በአፕ ነው የምሠራው። ትምህርት ቤት ስንጠራ ሁሌ የምንጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። ሰው ፒኑን ግቢው መሃል ያስቀምጠዋል። ካርታው ደግሞ ለዚያ ነጥብ የሚቀርበውን መንገድ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜ የኋላውን ቅያስ። እዚያ ስደርስ አጥር ነው። ወላጅዋ ከኋላ ልጅ ይዛ “በሩ የት አለ?” ትለኛለች። ዞሬ ዋናው በር እስክደርስ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ይሄዳል፤ መሃል አካፋዩን መዞሪያ ማግኘት አለብኝ።

ፒኑን በሩ ላይ አድርጉ። ዘበኛው የሚቆምበት ቦታ ቆማችሁ ከስልካችሁ ውሰዱት። እና በጽሑፍም ምልክት ጨምሩ። ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ስለፈረሰ በድሮ ሱቅና ካፌ ስም አትንገሩ፤ ሰው እየፈለገ ይዞራል። የማይነሳ ነገር ስም ጥሩ። ከድል ሐውልቱ በየት በኩል፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ስንት ደቂቃ በእግር፣ እንደዚያ። የዓድዋ ሙዚየምንም አሁን ሁሉም ሹፌር ያውቀዋል።

መኪና የሚይዙ ወላጆች የት እንደሚያቆሙም ጻፉ እባካችሁ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ መንገድ ዳር አይቆምም።

የቤቲ እናት

ሳሚ፣ ያልከው ሁሉ ገብቶኛል። የኛ ዋና በር ከአስፋልቱ አይታይም፤ ገባ ማለት ያስፈልጋል። ነገ ልጆቹን ሳደርስ ከበሩ ላይ እወስደዋለሁ። ስለ መኪና ማቆሚያ ርእሰ መምህሩን እጠይቃለሁ።

አባት ከዋሽንግተን

ሰላም ወገኖች። እኔ የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ አባት ነኝ፤ ልጄ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሥራዋን ስታቀርብ በቪዲዮ ልከታተል እፈልጋለሁ። ሰንጠረዡን ሳየው 3:30 ይላል። በየትኛው 3:30? እዚህ የሚያድጉ ልጆች ያሉን ሰዎች የሁለቱንም ሰዓት ነው የምናስበው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ብትጽፉት ሁላችንንም ይገላግለናል።

ናሆም

ወንድሜ፣ የጠዋቱ 3:30 ጉብኝት በአዲስ አበባ 9:30 ነው። ሜይ ላይ ዋሽንግተን ከኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ ላንተ ቅዳሜ ሌሊት 2:30 ኤኤም ነው። አርብ አምሽተህ ካልጠበቅክ ያመልጥሃል።

ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍን እኔም እደግፋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥም በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ብዙ ሰው አለ፤ ኤምባሲ፣ አየር መንገድ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት።

መምህርት ሰላም

እኔ አልስማማም። እኛ ጋ “2:30 / 8:30” ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንዳንድ ወላጅ ከ2:30 እስከ 8:30 የሚቆይ መሰለው። አንዲት እናት ደግሞ ከሰዓት 8:30 መጥታ ግቢው ባዶ ሆኖ አገኘችው። አልቅሳ ነው የሄደችው፤ ልጇ ሽልማት ነበረው። አብዛኛው ወላጅ የሚኖረው በኛ ሰዓት ነው። በሰንጠረዡ ላይ “ከጠዋቱ 2:30” ብቻ ይጻፍ። ውጭ አገር ላለው ለብቻው በሊንክ ይላክለት።

ናሆም

መምህርት፣ በዘንባላ መስመር ከሆነ ልክ ነሽ፤ እንደ “ከ… እስከ…” ይነበባል። በሁለት አምድ፣ ከላይ “በኢትዮጵያ ሰዓት” እና “በፈረንጅ ሰዓት” የሚል ራስጌ ቢኖረውስ?

መምህርት ሰላም

ወላጁ የሚያየው ሙሉውን ገጽ አይደለም። አንዱ ሰንጠረዡን ስክሪንሹት ያደርግና ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል፤ ራስጌው ተቆርጦ ይቀራል። ያ ምስል ነው የሚዞረው። እኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

አባት ከዋሽንግተን

መምህርት፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን የኔ ዓይነት ወላጅ ጥቂት አይደለም። ቢያንስ በየመስመሩ “ጠዋት” እና “ቀን” የሚለው ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ይቅር፤ ቢቆረጥም ይታወቃል።

የቤቲ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የተስተካከለው ይኸው፦ በተኑ ተከፍቷል፣ ረቡዕ ምሽት 12:00 ይዘጋል። ዮናታን የራሱን ስልክ ቀን ወደ ሜይ 14 ወደፊት ወስዶ ሞከረው፤ ዘጋ። የካላንደሩ ሊንክ ተቀይሯል፤ የድሮውን አጥፉ ብዬ ግሩፖቹ ላይ ጽፌያለሁ። የስልኩ ሳጥን ጽሑፍ ሆኗል። ካርታው ከባሕር ወጥቶ አራት ኪሎ መጥቷል፤ ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ይሆናል።

የሁለቱ ሰዓት ጉዳይ ግን ኮሚቴው ውስጥም እንደዚሁ ለሁለት ከፈለን። ሐሙስ እንሰበሰባለን። መምህርት ሰላም፣ ያቺ እናት የመጣችበትን ማስታወቂያ ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ፤ ለኮሚቴው ላሳያቸው።

መምህርት ሰላም

ስልኬ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ስሞቹን ሸፍኜ ማታ እልክልሻለሁ።

ጋሽ መኮንን ከጉለሌ

የመግቢያውንም ግማሽ ሰዓት ሐሙስ አንሺው ልጄ። በር ላይ ስም እየፈለጉ ሲያስገቡ ሰልፍ ይረዝማል።